ጀሪካኑ ሄደ፣ ካቡ ተጨማለቀ፦ የስልክ ማጥፊያ እንዴት ይሠራል?

አጎቴ በርኖሳቸውን ደርበው አንኮበር ላይ የተነሱት ፎቶ ቤታችን ካሉት ሁሉ አብልጬ የምወደው ነው። ከኋላቸው ገደሉ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ከጎናቸው የድንጋይ ካብ አለ። ነገር ግን የመብራት ሽቦ ሰማዩን ለሁለት ከፍሎታል፤ በርኖሱን ተጠግቶም ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። ደብረ ብርሃን ያለችው የእህቴ ልጅ ፎቶውን አሳጥባ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ፈለገችና ሁለቱንም በስልኳ አጠፋቻቸው። ሽቦው ምልክት ሳይተው ሄደ። በጀሪካኑ ቦታ ግን በጣት የተዳመጠ ጭቃ የሚመስል ጥቁርና ግራጫ ነገር ቀረ። «ጋሼ፣ ያው መሣሪያ አንዱን አሳምሮ ሌላውን ለምን አበላሸው?» አለችኝ።

የተጠቀመችው Snapseed የተባለውን የጉግል ነፃ መተግበሪያ ነው። ፎቶውን ከፍቶ Tools ውስጥ Healing የሚለውን መንካት፣ ከዚያም የሚጠፋውን ነገር በጣት መቀባት ብቻ ነው። ጣት ሲነሳ የተቀባው ይጠፋል።

ይጠፋል እንላለን እንጂ የሚሆነው መጣፍ ነው። ከጀሪካኑ ጀርባ ምን እንደነበረ ካሜራው አላየም፤ ስለዚህ ፎቶው ውስጥ የለም። መሣሪያው የተቀባውን ቦታ ያወጣና በዙሪያው ካለው ምስል የሚመስል እራፊ ፈልጎ ቀዳዳውን ይደፍናል። ለሰማይ የትኛውም የሰማይ እራፊ ይሆናል፤ ሽቦው ያለ ችግር የሄደው ለዚህ ነው። ካብ ግን እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱ ጠርዝና ጥላ አለው። ጀሪካኑ ደግሞ በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በሌላ በኩል ጥቁር የበግ ጠጉር ነክቷል። ልጅቱ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ስትቀባው መሣሪያው ከሁለቱም ወገን እራፊ ወስዶ አቀላቀላቸው፤ መጋጠሚያውንም አለስልሶ አደበዘዘው። ጭቃ የመሰለው ይህ ነው።

በተጨማለቀው ላይ ደጋግሞ መቀባት የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ የተበላሸው እራፊ ራሱ ለሚቀጥለው እራፊ ምንጭ ይሆናልና። ስለዚህ ወደ ኋላ በሚመልሰው ቀስት ጀሪካኑን መልሰን አመጣነውና እንደገና ጀመርን። አሁን በሁለት ጣት ምስሉን በደንብ አቀረብነው። እዚህ መሣሪያ ላይ የብሩሹ መጠን የሚወሰነው በማቅረብና በማራቅ ነው፤ ምስሉ በቀረበ ቁጥር ጣታችን የሚነካው የፎቶ ክፍል ይጠባል።

ቀድመን ያጠፋነው ጀሪካኑና በርኖሱ የሚገናኙበትን ቀጭን መስመር ነው። ይህ ጠባብ ስለሆነ የጠጉሩ ጥቁርነት ብዙ ርቆ አይሄድም። ሁለቱ ከተለያዩ በኋላ ከካቡ በኩል ጀምረን፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ድንጋይ የማይበልጥ ቦታ እየነካን ወደ ውስጥ ገባን። አንዱ ንክኪ ካላማረ ወዲያው መመለስና ትንሽ ፈቀቅ ብሎ መድገም ነው፤ የተቀባው ቅርጽ ሲለወጥ የሚመጣው እራፊም ይለወጣል። የጀሪካኑን ጥላም አብረን አጠፋን። ባለቤት የሌለው ጥላ ከጭቃው ይልቅ ያጋልጣል።

ከዚያ ፎቶውን አርቀን አየነው። ያው ባለ ስንጥቅ ድንጋይ ጎን ለጎን ሁለት ጊዜ ታየ። አንዱ ላይ አንድ ትንሽ ንክኪ በቃው።

ቦታው ቅርጹ ተስተካክሎም ከዙሪያው ይልቅ የለሰለሰ ከሆነ፣ የጠፋው የፎቶው ደቃቅ ሽርክት ነው። Tools ውስጥ Grainy Film በትንሹ ቢጨመር መላው ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት ሽርክት ስለሚያርፍ ልዩነቱ ይደበቃል። አብዝቶ መጨመር ግን ፊትን ያጎሳቁላል። ልጅቱ ይዛው የነበረው ደግሞ በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከላትን ነበር፤ ቴሌግራም ፎቶን ሲልክ ያሳንሰዋል፣ ደቃቁም ከዚያው ይጠፋል። የላከላትን ሰው በ File እንዲልክላት ጠየቀችው፤ ሥራውን የጨረስነውም በዋናው ላይ ነው። ስንጨርስም Export ብለን ለብቻው አስቀመጥነው፤ ዋናው ሳይነካ ቆየ።

Google Photos ውስጥ ያለው Magic Eraser እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ያለ ክፍያ ለብዙ ስልኮች ተከፍቷል፤ ለሰፊ ነገር ከ Snapseed የተሻለ ይገምታል። ግምት መሆኑ ግን አይቀርም። ፊት ወይም እጅ የሸፈነን ነገር ማንሳት የማይመከረው ለዚህ ነው፤ የሚመጣው የሰውየው እጅ አይደለም።

በእኛም ፎቶ ጀሪካኑ የበርኖሱን የታችኛውን ጫፍ ሸፍኖት ነበር። ጫፉን አራት ጊዜ ሞከርነው፤ አራቱም ጊዜ ጠጉሩ ወደ ድንጋይ ፈሰሰ። ከታች ሁለት ጣት ያህል ቆርጠን አሳጠብነው።