«አባዬ መታ!»

ሜሪላንድ የምታድግ ልጅ ስልክ ይዛ አዲስ አበባ ላሉት አያቷ «እማማ፣ አባዬ መታ!» ትላቸዋለች። አያት ደንግጠው «ውይ! ማንን?» ይላሉ። ለካ አባት ከሥራ መምጣቱ ኖሯል።

አንድ ወዳጄ ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች አማርኛ የሚያስተምር የዩቲዩብ ቻናል ሲከፍት፣ የማስተዋወቂያ ቪዲዮው በዚህ ጨዋታ እንዲጀምር የተስማማነው ተከራክረን ነው። የእሱ ረቂቅ «ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን» ብሎ ተነሥቶ፣ የቋንቋን ጥቅምና የፊደላችንን ታሪክ ሲያወራ አርባ ሰከንድ ጨረሰ። ቪዲዮው በሙሉ አንድ ደቂቃ ነው።

ዩቲዩብ ላይ የቻናሉ ባለቤት አንድ ቪዲዮ መርጦ፣ ገና ሰብስክራይብ ላላደረገ ሰው በገጹ አናት ላይ እንዲታይ ማድረግ ይችላል። ለነባሩ ደንበኛ ሌላ ቪዲዮ ይመረጥለታል። ስለዚህ እዚህ የሚመጣው ሰው እንግዳ ነው። የእኛ እንግዳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጁ ሳይሆን ወላጁ ነው፤ «ልጄ በዚህ አማርኛ ትማራለች ወይ?» ብሎ ይመጣል። ለዚህ ጥያቄ ከማውራት ማስተማር ይሻላል።

እናም ከአያትየው ድንጋጤ በኋላ አስተማሪው ወዲያው ይገባል። «መታ» እና «መጣ» ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ የ«ተ» እና የ«ጠ» ልዩነት በቀላሉ ስለሚደበዝዝ ጽሑፉ የግድ ነው። «ትንፋሽሽን ያዢ፤ ሳትለቂው ጥ በይ» ይላታል። «ጥ» የሳንባ ትንፋሽ ስለማይፈልግ ይወጣል። «ት» ግን ትንፋሹ ካልተለቀቀ አይሆንም። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ስታ በሦስተኛው «መጣ» ትላለች። ሁለቱን ስሕተቶች እንዳትቆርጣቸው ብዬ ለመንኩት፤ ወላጅ የሚያምነው እነሱን አይቶ ነው።

ይህ ሰላሳ አምስት ሰከንድ ያህል ወሰደ። ቀሪው ቶሎ ያልቃል፦ ቻናሉ ቤት ውስጥ አማርኛ እየሰሙ በሌላ ቋንቋ ለሚመልሱ ልጆች መሆኑ፣ ትምህርቱ በየሳምንቱ ቅዳሜ እንደሚወጣ፣ ከዚያም «የመጀመሪያው ትምህርት "መጣና መታ" ይባላል፤ ልጅዎን አጠገብዎ አድርገው ይክፈቱት»። «በሠላሳ ቀን አማርኛ» የሚለውን ሰረዝነው፤ ውሸት ነው። «እስካሁን ስምንት ትምህርት አለን» የሚለውም ወጣ፤ ቪዲዮው ወራት ስለሚቆይ ቁጥሩ ያረጃል።

ከተለቀቀ በኋላ የሚታየው ተመልካቹ የት ላይ እንደሚወጣ የሚያሳየው የዩቲዩብ ስቱዲዮ ግራፍ ነው። መስመሩ ገና መግቢያው ላይ ቁልቁል ከወረደ ጨዋታው አልያዘም ማለት ነው። ትምህርቱ መሀል ከወረደ ማብራሪያው ረዝሟል።

አያቲቱን የተጫወቱት የወዳጄ እናት ናቸው። የተጻፈላቸው «ምን ማለትሽ ነው ልጄ?» የሚል ነበር። ካሜራው ሲበራ ግን ወረቀቱን ረስተው «ውይ! ማንን?» አሉ፤ እኛም ጽሑፉን አስተካከልነው።