ግድግዳ ሳይቦረቦር መብራት መዘርጋት

«ግድግዳዬን እንዳትቦረቡሩብኝ» የሚል አከራይ ምክንያት አለው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ለገመድ ቦይ ሲወጣለት ስስ ገጹ ይሰነጠቅና ልስኑ እስከ ታች ይረግፋል። የጭቃ ቤት ግድግዳማ አንዴ በመሮ ከተነካ የት እንደሚያቆም አይታወቅም። ችግሩ ተከራዩም ምክንያት ያለው መሆኑ ነው። ክፍሉ ሲሠራ የታሰበለት አንድ አምፖልና በሩ አጠገብ ያለች አንዲት ሶኬት ነበረች። ዛሬ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ መሙያና የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። ብዙ ሰው ይህን የሚፈታው አልጋ ሥር በሚያልፍ ኤክስቴንሽን፣ ወይም በሚስማር ተንጠልጥሎ ከግድግዳ ግድግዳ በሚሻገር ገመድ ነው።

ከዚህ የተሻለው መንገድ ሽቦውን በግድግዳው ፊት ላይ በመከለያ ውስጥ መውሰድ ነው። መከለያው ሁለት ዓይነት ነው። ኮንዲዩት የሚባለው ክብ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ሽቦው ከአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው እየተጎተተ ይወጣል። ትራንኪንግ ደግሞ ባለ አራት ማዕዘን ቦይ ሆኖ ፊቱ ላይ ተጭኖ የሚገጠም ክዳን አለው። ለተከራይ ክፍል የእኔ ምርጫ ትራንኪንግ ነው፤ ክዳኑን ገልጦ ሽቦ መጨመር፣ ማየትና ቤት ሲለቀቅም አንስቶ መሄድ ይቻላል። ኮንዲዩት የሚያስፈልገው ከክፍሉ ውጭ ነው፤ ከቆጣሪው እስከ ክፍሉ ባለው ግድግዳ ላይ ዝናብና የሰው እጅ ስላለ ቱቦው ሽቦውን ይበልጥ ይጠብቀዋል። ቱቦው ወደ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ካለ ክፍተት ይፈለግለታል፤ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ወይም በጣሪያና በግድግዳ መካከል ያለ ክፍተት ሊሆን ይችላል። ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ እንደገና ከፍ እንዲል ከተደረገ፣ ቱቦውን ተከትሎ የሚወርደው የዝናብ ውኃ በዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ክፍሉ አይገባም።

አንድ ክፍል እንውሰድ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ነው። ብሬከር ያለበት ትንሽ ሳጥን ከበሩ ጎን ተሰቅሏል። ተከራዩ የሚፈልገው በረጅሙ ግድግዳ መጨረሻ ላይ ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን ሶኬት፣ እዚያው አካባቢ ደግሞ ለምጣድ ራሱን የቻለ መስመር ነው። ትራንኪንጉ ከሳጥኑ ተነስቶ ከበሩ በላይ እስኪደርስ 60 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፤ በበሩ አናት አልፎ እስከ ጥጉ 2 ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያ ረጅሙን ግድግዳ 4 ሜትር ይጓዝና ወደ ሶኬቱ 1.9 ሜትር ይወርዳል። ድምሩ 8.5 ሜትር ነው። ባለ 2 ሜትር ትራንኪንግ ከተገዛ 5 ያስፈልጋል፤ የሚተርፈው ለጥግ ቆረጣ ብክነት ይውላል።

መጀመሪያ የሚሰላው ግን ሽቦው ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፒር ያህል ይስባል፤ እንጀራው እስኪያልቅም ሥራ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ለምጣዱ ባለ 4 የመዳብ ሽቦና ባለ 20 ብሬከር፣ ለሶኬቱ ባለ 2.5 ሽቦና ባለ 16 ብሬከር ይሰጣቸዋል። በመከለያ ውስጥ ያለ ሽቦ ሙቀቱን እንደ ልቡ ስለማያስወጣ፣ ሁለት መስመሮች አብረው ሲሄዱ ደግሞ እርስ በርሳቸው ስለሚሟሟቁ የሚችሉት ጭነት ይቀንሳል። በመከለያ ውስጥ ለብቻው 24 አምፒር ይችል የነበረው ባለ 2.5 ሽቦ፣ ሌላ መስመር ሲጎዳኘው ወደ 19 ይወርዳል። ባለ 4 የሆነውም ከ32 ወደ 25 ገደማ ዝቅ ይላል። ሁለቱም አሁንም ከብሬከራቸው በላይ ስለሆኑ ችግር የለም። ይሁንና ሦስተኛና አራተኛ መስመር በዚያው ቦይ ውስጥ ልጨምር የሚል ሰው ሒሳቡን እንደገና መሥራት አለበት።

የትራንኪንጉ ስፋትም የሚወሰነው ከዚህ ነው። በሙያው የተለመደው መጠን ሽቦዎቹ ከቦይው ውስጣዊ ስፋት 45 ከመቶውን ብቻ እንዲይዙ ነው፤ የቀረው ለአየር ነው። ሦስት ባለ 2.5 እና ሦስት ባለ 4 ሽቦዎች ከነልባሳቸው ወደ 90 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ይይዛሉ። ሱቅ ውስጥ በርካሽ የሚገኘው 16 በ16 የሆነው ትራንኪንግ በዚህ ሚዛን የሚፈቅደው 75 ገደማ ነው። ሽቦዎቹ እየተገፉ ሊገቡለት ይችላሉ፤ ክዳኑ ግን እንደምንም ይዘጋል እንጂ በሙቀት ሲለሰልስ ይፈነቀላል። 25 በ16 የሆነው በቂ ነው። ክዳኑን ለመዝጋት ጡጫ ካስፈለገ ቦይው ጠቧል ማለት ነው።

አሁን አከራዩንና ተከራዩን ወደሚያከራክረው ጉዳይ እንምጣ፤ ትራንኪንጉ ግድግዳው ላይ በምን ይያዛል? ከጀርባው ማጣበቂያ ያለው ዓይነት ይሸጣል፤ «ድሪል የለ፣ ሚስማር የለ» ስለሚባል ተከራይ ይወደዋል። ኖራ በተቀባ ወይም ሲነካ ዱቄት በሚለቅ ግድግዳ ላይ ግን የሚጣበቀው በዱቄቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ይይዛል፤ በኋላ የምጣዱ እንፋሎትና የቀን ሙቀት ሲመላለሱበት በጥጉ በኩል ይለቅና ረጅሙ ቦይ ከነሽቦው ይንጠለጠላል። በሲሚንቶ ልስን ላይ በዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ ከሆነ በደንብ ተጠርጎ ደርቆ ሊይዝ ይችላል። ያም ቢሆን ማጣበቂያ ብቻውን እንዲተማመኑበት አልመክርም፤ ምክንያቱ ከውበት ይልቅ ከእሳት ጋር የተያያዘ ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 በእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ከተማ፣ ሸርሊ ታወርስ በሚባል ረጅም የመኖሪያ ሕንፃ ላይ እሳት ተነሳ። ሊያጠፉ ከገቡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሁለቱ ሞቱ። ፕላስቲክ ትራንኪንጉ በሙቀት ቀልጦ የያዛቸው ገመዶች ወድቀው እንደ ወጥመድ ተጠላልፈው ነበር። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንብ ተለወጠ። በመጀመሪያ በመውጫ መንገዶች ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ በየትኛውም ቦታ ገመድ በእሳት ጊዜ ቶሎ እንዳይወድቅ እሳትን በሚችል ነገር እንዲያዝ ግዴታ ሆነ።

የእኛ ክፍል ፎቅ ላይ ባይሆንም አንድ በር ብቻ ነው ያለው፤ መስመራችንም የሚያልፈው በዚያ በር አናት ላይ ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በበሩ በላይ ባለው ክፍል፣ ቦይው ውስጥ፣ በየግማሽ ሜትሩ ሽቦዎቹን አቅፎ በብሎን ግድግዳው ላይ የሚያዝ ትንሽ የብረት ማሰሪያ ይገባል። የማሰሪያው ጠርዝ ሽቦውን እንዳይበላው መስተካከል አለበት። ፕላስቲኩ ቢቀልጥም ሽቦው በሚወጣው ሰው ፊት ላይ አይወድቅም።

ይህ ማለት ብሎን ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ስለዚህ ከአከራዩ ጋር የሚደረገው ንግግር ስለ ብሎን ቀዳዳ እንጂ ስለ ቦርቡሮ አለመሆኑ በግልጽ መነገር አለበት። በባለ 6 ድሪል የተበሳ ቀዳዳ ፊሸር ተነቅሎ በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም ሲነካ አይታይም። «እማማ፣ ቤቱን ስለቅ ቀዳዳውን ደፍኜ ቀለሙን ቀብቼ አስረክብዎታለሁ» ብሎ አስቀድሞ መናገር፣ ከተቻለም ሥራው ሳይጀመር የግድግዳውን ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል። የጭቃ ግድግዳ ላይ ፊሸር አይሠራም፤ ጭቃው ዙሪያውን ይፈረፈርና ብሎኑ ባዶ ይዞራል። እዚያ የሚያዘው በውስጥ ባለው እንጨት ነው። ግድግዳው በጣት አንጓ ሲንኳኳ ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ ቋሚው ነው። ቋሚዎቹ ከተራራቁ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀጭን ጣውላ መትቶ ትራንኪንጉን በጣውላው ላይ ማሰር ከሁሉ ይሻላል።

ሲገጠም መጀመሪያ ቦይው ብቻ በሊቬላ ተስተካክሎ ይታሰራል፤ በሰጌቶ የተቆረጠው ጫፍ በሞረድ ይለሰልሳል፤ ሻካራ ጠርዝ ሲጎተት የሽቦውን ልባስ ይልጠዋልና። ጥግ ላይ ሁለቱ ጫፎች በ45 ዲግሪ ይቆረጣሉ፤ እጁን ያልተማመነ ሰው ተሠርቶ የሚሸጠውን የጥግ ክዳን ይግዛ። በቦይው ውስጥ ሽቦ ከሽቦ ማያያዝ ክልክል ነው። ማያያዝ ካስፈለገ ሥራው የሚሠራው ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ በሞርሴቶ ነው። በናስትሮ ተጠቅልሎ ቦይ ውስጥ የተደበቀ ማያያዣ ሲላላ ሙቀቱን ማንም አያየውም።

ከሳጥኑ ጋር የሚያገናኘው ባለሙያ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ዋናውም ብሬከር ይጠፋል። እዚያ ሁለት ነገር እንዲያይ ይጠየቅ። አንደኛው ከቆጣሪው ወደ ክፍሉ የሚመጣው ሽቦ ራሱ ነው። እሱ ባለ 2.5 ከሆነ ከሳጥኑ ወዲህ ባለ 4 መዘርጋት ምጣዱን አያድነውም፤ የሚሞቀው ከውጭ ያለው ሽቦ ይሆናል። ሌላው ኤርዝ ነው። በብዙ ቆየት ባሉ ቤቶች ወደ ክፍሉ የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ አዲሱ አረንጓዴ ሽቦ ከሶኬቱ ተነስቶ ሳጥኑ ውስጥ የሚያያዝበት የለውም። ሶኬቱ ሲታይ ሙሉ ይመስላል፤ የምጣዱ ብረት ኤሌክትሪክ ቢይዝ ግን የሚወጣበት መንገድ የሰው እጅ ነው። ኤርዝ እስኪመጣ ድረስ 30 ሚሊ አምፒር ሲያመልጥ የሚቆርጥ ብሬከር ማስገባት አደጋውን ይቀንሰዋል፤ ኤርዝን ግን አይተካም።

ምጣዱ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ እጅን በክዳኑ ላይ እያሳለፉ መፈተሽ ጥሩ ልማድ ነው። ለብ ማለቱ ያለ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ከሌላው ይልቅ ከሞቀ እዚያ የላላ ነገር ወይም የተላጠ ሽቦ አለ። በሶኬቱ ዙሪያ ቢጫ መሆን፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ የሚንዝር ድምፅም እንዲሁ ናቸው። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ መቀየር የተለመደ ነው፤ ይህ ግን መከላከያውን አንስቶ ሽቦውን ለእሳት መተው ነው።

ቤቱ ሲለቀቅ ሥራው ከሳጥኑ ይጀምራል። ዋናው ጠፍቶ ሁለቱ መስመሮች ከብሬከራቸው ይነቀላሉ፤ ጫፋቸውን በናስትሮ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ መተው አይበቃም፤ የሚቀጥለው ተከራይ መብራት ያለበት መሆኑን አያውቅምና። ከዚያ ክዳኑ፣ ሽቦው፣ ቦይው በቅደም ተከተል ይነሳሉ፤ ፊሸሮቹ ይነቀላሉ፤ ስቱኮው ደርቆ ሲሸረፍ ቀለሙ ይነካል። ትራንኪንጉ ራሱ በሚቀጥለው ክፍል እንደገና ይገጠማል፤ ክዳኑ ደጋግሞ ከተከፈተ ግን ጥርሱ ስለሚላላ አዲስ ክዳን መግዛት ያስፈልግ ይሆናል።