ሳይነካ የሚያንስ ተቀማጭ

በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ሁለት ልኮች አሉት። አንደኛው በደብተሩ ላይ የሚነበበው የብር መጠን ሲሆን ሁለተኛው ብሩ የሚገዛው ዕቃ ነው። ባንክ የሚጠብቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የኢትዮጵያ የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድም ባንክ ቢወድቅ እስከ 100,000 ብር ይመልሳል እንጂ ያ ብር ሲቀመጥ ይገዛው የነበረውን ያህል ጤፍ ለመመለስ ቃል አልገባም።

ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አደረገው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ 30 በመቶ ገደማና ከዚያም በላይ ነበር። በዚህ ሁኔታ 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 7,000 ብር ወለድ ያገኛል። ከወለዱ ላይ 5 በመቶ ግብር ሲነሳ በእጁ የሚኖረው 106,650 ብር ነው። በ100,000 ብር ይገዛ የነበረው አስቤዛ ግን 130,000 ብር ገብቷል። ስለዚህ ገንዘቡ የሚገዛው ከቀድሞው 82 በመቶውን ብቻ ነው። ሁኔታው ለሦስት ዓመት ቢቀጥል ተቀማጩ ወደ 121,300 ብር ያድጋል፤ የአስቤዛው ዋጋ ደግሞ ወደ 219,700 ብር ይደርሳል። የመግዛት አቅሙ ግማሽ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። ባለቤቱ ግን ደብተሩን በከፈተ ቁጥር የሚያየው ጭማሪ ነው፤ ጉዳቱ ሳይታወቅ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ሌላ ነጥብ አለ። የዋጋ ንረቱ ቀነሰ ሲባል ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ዝቅ አለ ማለት ነው። የጠፋው የመግዛት አቅም በዚህ አይመለስም። የተጣራው ወለድ ከዋጋ ንረቱ እስካነሰ ድረስ መሸርሸሩም ይቀጥላል። ይህን ለማወቅ ከግብር በኋላ የሚቀረውን ወለድ የስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ ከሚያወጣው ዓመታዊ የዋጋ ጭማሪ ጋር ማነጻጸር ይበቃል። ያ አኃዝ ግን አማካይ ነው፤ ገቢው በአብዛኛው ለቤት ኪራይና ለምግብ የሚውል ቤተሰብ የሚገጥመው ጭማሪ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

ከዚህ ተነስቶ ገንዘብን ሁሉ ከባንክ ማውጣት ስሕተት ነው። ለሕመም፣ ለኪራይ ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ለሚከፈል ትምህርት ቤት የተያዘ ገንዘብ በቁጠባ ሒሳብ ቢቆይ የሚያጣው ትንሽ ነው፤ በተፈለገ ሰዓት መገኘቱ ኪሳራውን ይክሳል። ለአሥር ዓመት የማይነካው ግን ዋጋ ሲጨምር አብሮ ሊያድግ ወደሚችል ሀብት ቢዛወር ይሻላል። ቤት፣ የራስ ንግድ ወይም የአትራፊ ድርጅት አክሲዮን ለዚህ ይሆናሉ፤ የቤት ኪራይም የሸቀጥ ዋጋም ከንረቱ ጋር ስለሚስተካከል። የጊዜ ገደብ ተቀማጭና የግምጃ ቤት ሰነድ የተሻለ ወለድ ሊያስገኙ ይችላሉ፤ ነገር ግን ወለዳቸው አስቀድሞ የተቆረጠ ስለሆነ ድንገተኛ ንረት ሲመጣ እነሱም ይጎዳሉ።

አክሲዮንም ዋስትና የለውም። ድርጅቱ ሊከስር ይችላል፤ የትርፍ ድርሻውም በየዓመቱ ይለያያል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ቢከፈትም በርካታ አክሲዮኖች ገና በዚያ አይገበያዩም፤ በችኮላ ለመሸጥ የሚሞክር ባለአክሲዮን ገዢ ሊያጣ ወይም በርካሽ ሊሸጥ ይገደዳል።