ያቤሎ ለመሥራት የሚጠይቅ ኢሜይል

አንድ የልማት ድርጅት የሥራ ማስታወቂያ ባወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሰው ኃይል ክፍሉ ኢሜይል በማመልከቻ ይጥለቀለቃል። አብዛኞቹ ደብዳቤዎች «በታዋቂው ድርጅታችሁ ዕውቀቴን ለማበርከት ጉጉት አለኝ» በሚል ይጀምራሉ። የድርጅቱን ስም አውጥተው የሌላውን ቢተኩበት ምንም የማይጎድልበት ደብዳቤ ነው፤ አንባቢው ይህን ለማወቅ ከሁለት መስመር በላይ አያስፈልገውም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። መደቡ የሥርዓተ ምግብ ኦፊሰር፣ የሥራ ቦታው ቦረና ዞን ያቤሎ ነው እንበል። ሥራው በከባድ የምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የተመላላሽ ሕክምና የሚሰጡ ጤና ኬላዎችን መደገፍ ነው። ድርጅቱ ስለራሱ ሲገልጽ፣ እናቶች የልጆቻቸውን የክንድ ዙሪያ በቤታቸው እንዲለኩ እንደሚያሠለጥን ጽፏል። አመልካቿ ደግሞ ኮንሶ ውስጥ የሠራች ነርስ ናት።

በመጀመሪያው ረቂቋ «የድርጅቱ ራዕይ ከእኔ ራዕይ ጋር ይጣጣማል፤ ሕፃናትንም እወዳለሁ» ብላ ነበር። ሐሰት አይደለም፤ ግን ማንም ሊለው ይችላል፣ ማንም ሊያጣራው አይችልም። በሁለተኛው ረቂቅ ይህ አንቀጽ ወጥቶ ሌላ ገባ፦

«በሠራሁበት ቀበሌ ብዙ ሕፃናት ወደ ጤና ኬላ የሚመጡት እግራቸው ካበጠ ወይም ክንዳቸው ከመነመነ በኋላ ነበር። መለኪያው በእናቶች እጅ ቢሆን ኖሮ ቀድመው ይመጡ እንደነበር አይቻለሁ። እናንተ የምትሠሩት ይህንኑ ስለሆነ አመለከትሁ።»

እዚህ ላይ «ራዕይ» የሚል ቃል የለም። ነገር ግን የክንድ መለኪያውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ መለኪያው ቀይ ላይ ያርፋል፤ ይህ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። በቢጫው ክልል፣ ማለትም እስከ 12.5 ሴንቲ ሜትር ባለው፣ ሳለ የተደረሰበት ልጅ ግን ብዙ ሳይጎዳ ይተርፋል። አመልካቿ የድርጅቱን አካሄድ ምክንያት ከሥራዋ አውቃዋለች ማለት ነው። ለዓላማ መስማማት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ቀጥሎ የመስክ ልምዱ አለ። «በሥርዓተ ምግብ ፕሮግራም ተሳትፌያለሁ» ማለት ለመዛኙ ምንም አይነግረውም። እሷ የጻፈችው እንዲህ ነው፦ «ሕክምናውን ጀምረው የሚያቋርጡት ሕፃናት ከመቶ 22 ነበሩ። ከሩቅ መንደር የሚመጡ እናቶችን ስጠይቅ በየሳምንቱ ለሕክምናው ብቻ መመላለሱ እንደከበዳቸው ነገሩኝ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተነጋግሬ ቀኑን ወደ ገበያ ቀን አዞርነው። ከሰባት ወር በኋላ ቁጥሩ 13 ሆነ።»

በዓለም አቀፉ የስፌር መመዘኛ መሠረት የሚያቋርጡት ከመቶ ከ15 ማነስ፣ የሚድኑት ደግሞ ከ75 መብለጥ አለባቸው። በዚህ ሙያ ያለ መዛኝ ይህን በቃሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ከ22 ወደ 13 ሲል ጤና ኬላው ከመመዘኛው ውጭ እንደነበረና ወደ ውስጥ እንደገባ ያነባል። በተጨማሪም ማን እንደጠየቀ፣ ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረ ይታያል። እኛ ስናድግ ራስን ማጉላት ነውር ነው ስለተባልን «ተሠርቷል፣ ተከናውኗል» እያልን እንጽፋለን፤ ትሕትናው መልካም ነው፤ ግን ሥራውን የሠራው አመልካቹ ይሁን አለቃው አይለይም።

የሚጎድለውንም አልደበቀችም። ቦረና ውስጥ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ነው። «ለመግባባት ያህል እናገራለሁ፣ ሪፖርት ለመጻፍ ግን አልበቃም» ብላለች። «አቀላጥፌ እናገራለሁ» ብትል ኖሮ ቃለ መጠይቁ ላይ በመጀመሪያው ጥያቄ ይገለጥ ነበር።

የቀረው ሥነ ሥርዓት ነው። በኢሜይሉ ርእስ ላይ የመደቡ ስም፣ የሥራ ቦታውና ማስታወቂያው ቁጥር ካለው ቁጥሩ ይገባሉ። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከወጣ ማመልከቻውም በእንግሊዝኛ ይሁን። ደብዳቤውና የሥራ ልምድ መግለጫው በአንድ ፒዲኤፍ ተያይዘው፣ ፋይሉ በአመልካቹና በመደቡ ስም ቢሰየም ይሻላል። «ሲቪ» ብቻ ተብሎ የተላከ ፋይል በመቶ ሲቪዎች መካከል ይጠፋል። የትምህርት ማስረጃ ካልተጠየቀ አይላክ።

ደብዳቤው ውስጥ የገባ ቁጥር ሁሉ ቃለ መጠይቁ ላይ ይመለሳል። «22ቱ ከስንት ሕፃናት የተሰላ ነው? መዝገቡን ማን ይይዝ ነበር? በሌላ መንደር ሞተው ወይም ወደ ሌላ ጤና ኬላ ሄደው የቀሩትን ከአቋራጮቹ እንዴት ለያችኋቸው?» ተብለው ሲጠየቁ የማይመልሱትን ቁጥር ከመላክዎ በፊት ያውጡት።