ትራኮማ፦ ደጋግሞ ሲይዝ የሚያሳውር የዓይን ሕመም

ትራኮማ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ተላላፊ የዓይን ሕመም ነው። የአማራ ክልል ሕመሙ በዓለም ላይ በስፋት ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ ሐይቅና አምባሰል የሚገኙበት ደቡብ ወሎም በክልሉ የመከላከል ሥራ ታቅፏል።

ባክቴሪያው በብዛት የሚገኘው በሕፃናት ዓይን ነው። ከልጅ ወደ ልጅና ወደ እናት የሚሻገረው በእጅ፣ በነጠላ ጫፍ፣ በጋራ መኝታና ዓይናር በሚወዱ ዝንቦች ነው። አንድ ጊዜ መያዝ ዓይንን አያጠፋም፤ ሕመሙ ሳይታከምም ሊድን ይችላል። ጉዳቱ የሚመጣው አንድ ልጅ በዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ሲያዝ ነው። በየጊዜው የሚቆጣው የላይኛው የዓይን ቆብ የውስጥ ሽፋን ጠባሳ ያበጃል፤ ጠባሳው እየተኮማተረ ሲሄድ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያኔ የዓይን ፀጉር ብሌኑን እየፋቀ ያቆስለዋል፤ ቁስሉ ሲድን ነጭ ጠባሳ ትቶ ብርሃን ያግዳል። ሕፃናትን ሲያጥቡና ሲያስተኙ የሚውሉት እናቶች ደጋግመው ስለሚያዙ፣ የዓይን ፀጉር መቀልበስ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል።

ሕመሙ በዓይን ቆብ ውስጥ ይታወቃል። መርማሪው የላይኛውን ቆብ ገልብጦ በማጉያ መነጽር ያያል፤ በመካከሉ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ነጫጭ እብጠቶች ካገኘ ሕመሙ ገና ንቁ ነው። ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል ይህ ምልክት ያለባቸው 5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆኑ፣ መድኃኒት ለአካባቢው ሕዝብ በሙሉ ይታደላል። ምልክት የሌለውም ሰው የሚወስደው፣ ባክቴሪያው በአንድ ቤት ከቀረ ወደ ታከመው ልጅ ስለሚመለስ ነው።

መቆጣጠሪያው ስልት አራት ክፍል አለው፤ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና። መድኃኒቱ በዓመት አንዴ የሚዋጥ አዚትሮማይሲን ሲሆን፣ መጠኑ ለሕፃናት በቁመት መለኪያ እንጨት ይወሰናል፤ ከስድስት ወር በታች ላሉት የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የተካሄደው «ማልትራ» ሳምንት የወባንና የትራኮማን ሥራ አጣምሮ ዕደላውን ወደ ቀበሌ አድርሷል።

መድኃኒት ግን ባክቴሪያውን እንጂ መተላለፊያውን አይዘጋም። ለፊት ንጽሕና ሐይቅ ዳር መኖር ብቻውን አይበቃም፤ ውኃው ቤት ደርሶ በየቀኑ ከልጁ ፊት ዓይናርና ንፍጥ ሲያጥብ ነው ጥቅሙ። ዓይናር የሚወደው ዝንብ የሚራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ስለሆነ፣ ሽንት ቤት ቁጥሩን ይቀንሰዋል።

ጠባሳ ያበጀ የዓይን ቆብ ግን በመድኃኒትም በመታጠብም አይመለስም። ብዙ እናቶች ፀጉሩን በወረንጦ ይነቅላሉ፤ ለጊዜው ያስታግሣል፣ ግን መልሶ ይበቅላል። የተቀለበሰውን ጠርዝ ወደ ውጭ የሚያዞረው በማደንዘዣ የሚሠራ አጭር ቀዶ ሕክምና ነው፤ የሠለጠኑ የጤና ባለሙያዎች በጤና ጣቢያም ይሠሩታል። ቀዶ ሕክምናው ብሌን ከመጠበሱ በፊት ሲደረግ ዕይታን ያተርፋል፤ የጠፋ ብርሃንን ግን በሙሉ አይመልስም። ፀጉሩም ዳግም ሊቀለበስ ስለሚችል፣ የታከመችው ሴት ለክትትል መመለስ አለባት።