የቅቤ ኬክ መሃሉ ለምን ይሰረጉዳል?

ኬኩ ኦቨን ውስጥ ሳለ አምሮ ይነፋል። ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ግን መሃሉ ይሰረጉዳል። ብዙዎቻችን ጥፋቱን በቤኪንግ ፓውደሩ እናሳብባለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን መንስኤው የኦቨኑ ሙቀት ወይም ከመጠን ያለፈ መምታት ነው።

ሊጡ ሲሞቅ በውስጡ ያሉት የአየር አረፋዎች ይሰፋሉ፤ ኬኩም ይነፋል። በዚያው ጊዜ እንቁላሉና ዱቄቱ እየበሰሉ ይጠነክሩና አረፋዎቹን ደግፈው ይይዛሉ። እነሱ ሳይጠነክሩ አየሩ ካመለጠ ኬኩ ይወድቃል። ሙቀት በመጨረሻ የሚደርሰው መሃሉ ጋ ስለሆነ ቀድሞ የሚወድቀውም እሱ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 250 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 250 ግራም ስኳር፣ 4 እንቁላል፣ 250 ግራም ዱቄትና 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር የገባበት ኬክ በ170 ዲግሪ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል እንበል። የኦቨኑ ቁልፍ 170 ላይ ቢሆንም ውስጡ 200 ከደረሰ፣ ጠርዙና ላዩ በ35 ደቂቃ ይቀላል። ጋጋሪዋ ቀለሙን አይታ ታወጣዋለች፤ መሃሉ ግን ገና ሊጥ ነው። በተቃራኒው ሙቀቱ 140 ብቻ ከሆነ ሊጡ ለመጠንከር ይዘገያል፤ አየሩም ቀድሞ ያመልጣል። በሩን ቶሎ መክፈትም ሙቀቱን በድንገት ስለሚያወርድ ተመሳሳይ ጉዳት አለው። ቁልፉን ከማመን የኦቨን ቴርሞሜትር ውስጥ አስቀምጦ ማየት ይሻላል።

ሁለተኛው ምክንያት መምታት ነው። ቅቤና ስኳር አብረው የሚመቱት አየር እንዲይዙ ነው፤ በሚክሰር ከ4 እስከ 5 ደቂቃ፣ ነጣ እስኪል ድረስ ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ አረፋው ይበዛል፤ ኬኩ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ይነፋና ተመልሶ ይወድቃል። ዱቄት ከገባ በኋላ መምታት ደግሞ ግሉተን የሚባለውን የዱቄት ጅማት ያጠነክራል፤ ኬኩንም ያደርቀዋል። ስለዚህ ደረቅ ዱቄት መታየቱ ሲያበቃ ማማሰሉን ማቆም ነው።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ኬኩን መሃል ለመሃል ቆርጣችሁ እዩ። የተሰረጎደው ቦታ እርጥብና የሚያጣብቅ ከሆነ አልበሰለም፤ ችግሩ ሙቀቱ ወይም ሰዓቱ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ መሃሉን በስቴኪኒ ወግታችሁ ሊጥ ሳይዝ ሲወጣ ብቻ አውጡት። በደንብ በስሎ ግን ቀዳዳው ሰፋፊና የሚፈረፈር ከሆነ ቅቤው ከመጠን በላይ ተመቷል። ረጃጅም ቀዳዳ ኖሮት ሲታኘክ የሚጎተት ከሆነ የተመታው ዱቄቱ ነው።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ የምትጋግሩ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ አረፋው ይበልጥ ይሰፋል። ሙቀቱም መምታቱም ልክ ሆኖ ኬኩ አሁንም ከወደቀ፣ ከላይ ካለው ቤኪንግ ፓውደር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀንሱና ሞክሩ።