የሰዓት ክልል በደቡብ ዋልታ

የሰዓት ክልል በኬንትሮስ መስመሮች ላይ ተመሥርቶ የአንድን አካባቢ ሰዓት ከፀሐይ ጋር የሚያቀራርብ አከፋፈል ነው። በደቡብ ዋልታ ግን ኬንትሮሶች ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ ፀሐይም በመስከረም ወጥታ የምትጠልቀው በመጋቢት ስለሆነ ይህ ስሌት አይሠራም። በዚያ የሚገኘው የአሜሪካ የምርምር ጣቢያ፣ አሙንድሰን-ስኮት፣ የሚጠቀመው የኒው ዚላንድን ሰዓት ነው። ምክንያቱ ተራ ነው፦ ሠራተኞቹ ከኒው ዚላንዷ ክራይስትቸርች ከተማ ተነሥተው በማክመርዶ ጣቢያ በኩል በአውሮፕላን ይመጣሉ፤ ስለዚህ የበረራና የሬዲዮ ቀጠሮ በአንድ ሰዓት መቆጠር አለበት። እንግዳ የሚመስለው ነገር ኒው ዚላንድ በበጋዋ ሰዓቷን በ1 ሰዓት ወደፊት ስታደርግ፣ ያኔ ፀሐይ ጨርሶ የማትጠልቅበት ጣቢያም አብሮ ማድረጉ ነው። ፓልመር የተባለው ሌላው የአሜሪካ ጣቢያ ግን መርከቡ ከቺሌ ስለሚነሣ በቺሌ ሰዓት ይሠራል።